አርባ ወር እና ሃያ ሁለት ወር

ፌብሩወሪ 4፣ ማክሰኞ

ዝናቡ አላባራም። ፋይል ክፍሉ ውስጥ ያስቀመጥነው ባልዲ ሞልቶ ባልደረባዬ ፊሊፖ እየሳቀ ደፋው።

ዛሬ አዲስ ሥራ ተሰጠኝ፤ ደስም አለኝ። ዳኞቹ የቅጣት መመሪያ ሊያወጡ ነው። ለከባድ የአካል ጉዳት መነሻው ስንት ወር ይሁን? ከዚያ ላይ ለምኑ ስንት ይቀነስ? ይህን በሠንጠረዥ ለማስፈር ያስባሉ። መጀመሪያ ግን እስካሁን እንዴት ሲፈርዱ እንደኖሩ ማየት ስለሚፈልጉ፣ የድሮ ፋይሎችን አገላብጦ የሚያወጣ ሰው ከአመክሮ ቢሮ ጠየቁ። አለቃችን ስሜን ጠራች። ፊሊፖ፣ «ሎሴን ለፋይል መስጠት ድመትን ዓሣ እንዲጠብቅ መቅጠር ነው» አለ። አልተቀየምኩም። የሰው ነገር ውስጥ አፍንጫዬን ማስገባት እንደምወድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ፌብሩወሪ 7

ይኼ ነገር ሱስ ነው። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ዳኛ ሳፑ የተበዳይ ቤተሰብ የበዳይን ቤተሰብ የይቅርታ ሥርዓት፣ ኢፎጋን፣ ከተቀበለ ስድስት ወር ይቀንሳሉ። ሁልጊዜ ስድስት። የበዳዩ ቤተሰብ አለቃ ገና ጎህ ሲቀድ የክብር ምንጣፍ ተከናንቦ በተበዳዩ ደጅ ቢንበረከክ ስድስት፣ እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ቢቆይም ስድስት። ዳኛ ቱአላ ግን አንዱ ጋ አሥራ ሁለት፣ ሌላው ጋ ሦስት፣ አንዱ ጋ ደግሞ ምንም። ምንም ያልሰጡበትን ፍርድ አነበብኩት። «ምንጣፉ የመጣው ፖሊስ ክስ ከመሠረተ ከወራት በኋላ፣ በጠበቃ ምክር ነው» ይላል። እውነታቸውን ነው። ግን ሳፑ ቢሆኑ ስድስት ይሰጡት ነበር።

የሒሳቡ ቅደም ተከተልም አለ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት። መነሻው አርባ ስምንት ወር ነው እንበል። ለኢፎጋና ለመንደር ቅጣት ዘጠኝ ወር ይቀነስለታል፤ ጥፋቱን ቶሎ ስላመነ ደግሞ ሲሶ። ዘጠኙን ካስቀደምክ ሃያ ስድስት ወር ይወጣል። ሲሶውን ካስቀደምክ ሃያ ሦስት። ያው ሰው፣ ያው ጥፋት፣ ያው ምሕረት! የሦስት ወር ልዩነት የመጣው የቱ መስመር ቀድሞ ተጻፈ ከሚለው ብቻ ነው። ለፊሊፖ ሳሳየው፣ «እንግዲህ እስር ቤት ያለው ሰው ይህን ካወቀ ግድግዳውን ይነክሳል» አለ።

ፌብሩወሪ 12

አንድ ጥንድ አገኘሁ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ቫይሞሊ ከሚባል መንደር የሆኑ የአጎት ልጆች ናቸው፤ ፌሬቲና ካሌፖ። ሁለቱም አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ሁለቱም ከዚያ በፊት ፖሊስ ደጅ ረግጠው አያውቁም። ከራግቢ ጨዋታ በኋላ ሰክረው ቪሊአሙ የሚባል የጎረቤት መንደር ልጅ ላይ ድንጋይ ወረወሩ። የቪሊአሙ መንጋጋ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ የማን ድንጋይ እንደሰበረው አይታወቅም። ክሱ አንድ፣ ጉዳቱ አንድ፣ መነሻ ቅጣቱም አርባ ስምንት ወር፤ እዚህ ላይ ሁለቱ ዳኞች ሳይመካከሩ ተስማምተዋል።

ፌሬቲ ዳኛ ሳፑ ፊት ቀርቦ ሃያ ሁለት ወር አገኘ። ካሌፖ ዳኛ ቱአላ ፊት ቀርቦ አርባ።

አብረው ያጠፉ ሰዎች በአንድ ዳኛ ፊት መፈረድ ነበረባቸው። ፌሬቲ ግን በመጀመሪያው ቀጠሮ አመነና ጉዳዩ ቶሎ አለቀ። የካሌፖ ጠበቃ ማስረጃውን ልይ እያለ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሲያስለውጥ መዝገቡ ተለያየ።

ሁለቱንም አስታውሳቸዋለሁ። የቅድመ ቅጣት ሪፖርታቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፌብሩወሪ 13

ፊሊፖ ሲያልፍ ወረቀቴን አየና፣ «ሁለቱንም የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ?» አለኝ።

«ነኝ። ጥሩነቱ እኮ እሱ ነው። ጸሐፊዋ አንድ ከሆነች ልዩነቱ የዳኞቹ ነው ማለት ነው» አልኩት።

ቅንድቡን አነሳና ሄደ። ይህ ሰው አንዳንድ ቀን ያናድደኛል።

ፌብሩወሪ 18

የመመሪያው ስብሰባ። ሻይና የኮኮናት ዳቦ ነበር፤ ሁለቱ ዳኞች ሲከራከሩ ዳቦው ለእኔ ተረፈ።

የቫይሞሊዎቹን ጥንድ ስም ሳልጠራ አቀረብኩ። ዳኛ ሳፑ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና፣ «አየሽ ቱአላ? አንዲት እናት እኔ ችሎት ገብታ ልጇን በሁለት ዓመት ታገኘዋለች። ሌላዋ ኮሪደሩን ተሻግራ አንቺ ጋ ገብታ ሦስት ዓመት ከምናምን ትጠብቃለች። ምን ብለን ነው የምናስረዳቸው? በዕድላችሁ ነው ልንል ነው?» አሉ።

ዳኛ ቱአላ አልተቆጡም። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ዛሬ ግን እንደወትሮው ነበሩ። «ስድስት ወር ብለህ ሠንጠረዥ ላይ ስትጽፍ፣ ልቡ የተሰበረውንም ምንጣፍ የተከራየውንም እኩል ታደርጋለህ። እኩል ያልሆኑትን እኩል ማድረግም እኮ ማዳላት ነው ወንድሜ።»

«ታዲያ ልብ በምን ይለካል?»

«አይለካም። ለዚህ ነው ዳኛ የሚሾመው።»

«ለዚህ ነው አርባና ሃያ ሁለት የሚመጣው» አሉ ሳፑ። ሁሉም ሳቀ፤ ቱአላም ሳቁ።

ሲጨርሱ ዳኛ ቱአላ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «የአርባ ወሩ ልጅ የእኔ ነው አይደል? አስታውሰዋለሁ። ከመንደሩ ምንም ነገር የለም ወይ ብዬ ጠበቃውን ጠይቄ ነበር። ሪፖርቱ የለም ይላል አለኝ» አሉ።

የያዝኩትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለስኩ።

ፌብሩወሪ 19

ልዩነቱን በየምክንያቱ በተንኩት። ፍርዱ ላይ ሁሉም ስላለ አስቸጋሪ አይደለም።

ፌሬቲ፦ ከአርባ ስምንት ላይ ለወጣትነቱና ለንጹሕ ታሪኩ ስድስት፣ ለኢፎጋው ስድስት፣ የመንደሩ ሸንጎ በቤተሰቡ ላይ ለጣለው፣ በአሳማና በታሸገ ዓሣ ለሚከፈለው ቅጣት ሦስት። ሠላሳ ሦስት ቀረ። ወዲያው ስላመነ ሲሶው ሄደ። ሃያ ሁለት።

ካሌፖ፦ ለወጣትነትና ለንጹሕ ታሪክ አራት። አርባ አራት ቀረ። ዘግይቶ ስላመነ አንድ አሥረኛ፣ አራት ወር። አርባ።

ስድስትና አራት የዳኞቹ ነው። ሲሶና አንድ አሥረኛ የጠበቃው ነው፤ ልጁ ከመጀመሪያውም ላምን ነው ብሎ እንደነበር ትዝ ይለኛል። የኢፎጋውና የሸንጎው ዘጠኝ ወር ግን ለካሌፖ አልተቆጠረም። ዳኛዋ ስለጨከኑ አይደለም። ሪፖርቱ «የተከሳሹ ቤተሰብ ኢፎጋ አላደረገም» ስለሚል ነው።

ነገ ስብሰባ አለ። ልተኛ።

ፌብሩወሪ 20

አልተኛሁም።

ካሌፖ አፒያ ከተማ ከእናቱ እህት ጋር ነበር የሚኖረው፣ ጎማ ቤት እየሠራ። አክስቲቱን እንደ ቤተሰቡ ቆጥሬ በስልክ አነጋገርኳት። «እኛ ቤት ማንም አልሄደም፣ እኛ የከተማ ሰዎች ነን» አለችኝ። የቢሮው መኪና ጋራዥ ነበር። ቫይሞሊ ሩቅ ነው። ልጁንም ጠይቄዋለሁ፤ «ቤተሰብህ ኢፎጋ አድርጓል?» ስለው አንገቱን ደፋ፣ ዝም አለ። ዝም ያለ ሰው ምን ተብሎ ይጻፍለታል?

ማዕረግ የሌለው ልጅ ስለ ቤተሰቡ አይናገርም፤ የሚናገረው ማታይ ነው፣ የቤተሰቡ አለቃ። ይህን ማን ያጣዋል? እኔ ራሴ አባቴ እያለ አፌን ከፍቼ አላውቅም።

መኪናው ግን በእውነት ጋራዥ ነበር።

ማርች 1፣ ቅዳሜ

በአውቶቡስ ቫይሞሊ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

የቤተሰቡ ማታይ ታፋኦ ይባላሉ። ባለፈው ለፌሬቲ ሪፖርት ስመጣ የቤተ ክርስቲያናቸው ምረቃ ስለነበር እንደ ሙሽራ ነው ያስተናገዱኝ፤ ስመለስ ግማሽ አሳማ በቅጠል ጠቅልለው አሸክመውኛል። ዛሬም ታሮ የሚሉት ጎደሬ በኮኮናት ወተት ቀረበልኝ። በላሁ፤ አለመብላት ነውር ነው።

«አባቴ፣ ያ ያደረጉት ኢፎጋ ለየትኛው ልጅ ነበር?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ትምህርት ቤት የገባሽ መስሎኝ» አሉ። ጥግ የተቀመጡት ሴቶች ፊታቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ከእኛ ቤት የወጣ ድንጋይ የሰው ልጅ መታ። እኛም ሄደን ተንበረከክን። ምንጣፍ ላይ የማን ስም ይጻፋል? የካሌፖ አባት የወንድሜ ልጅ ነበር። አፒያ ጎማ ስለሚነፋ ደሙ ተቀየረ?»

«ለፍርድ ቤት ለምን አልነገሩም?»

«ለፌሬቲ ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ። ለካሌፖ ማን ጠየቀኝ?»

ሸንጎውም የቀጣው ቤቱን እንጂ አንዱን ልጅ አይደለም። ተነስቼ ልሄድ ስል፣ «ስለዚያ ጠዋት ማወቅ ከፈለግሽ የተቀበሉንን ጠይቂ። የተንበረከከ ሰው ስለ ራሱ አያወራም» አሉኝ።

ማርች 2፣ እሑድ

ታፋኦ ዘንድ አድሬ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የቪሊአሙ እናት ዘንድ ተሻገርኩ። ፓሌፓ ይባላሉ። ቪሊአሙ ራሱ እዚያው ግድግዳ አልባ በሆነው ፋሌ ቤታቸው ውስጥ ተጋድሞ ነበር። መንጋጋው ተጠግኗል፤ ሲያወራ ግን አፉ ወደ ግራ ይሄዳል። ስለ ቅጣት ሳሰላ የከረምኩት ሴትዮ እሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው። አፈርኩ።

«ከምንጣፉ ስር ታፋኦ ብቻቸውን ነበሩ?» አልኳቸው እናቲቱን።

«ሁለት ነበሩ። ባለቤቴ ምንጣፉን ሲገልጥ ሽማግሌውና አንድ ልጅ ነበሩ። ቀጭኑ፣ እጁ ዘይት የማይለቀው።»

«ፌሬቲ?»

«ኧረ ፌሬቲስ ፖሊስ ጣቢያ ነበር፣ ሌሊቱን ነው የያዙት። የከተማው ልጅ ነው። ካሌፖ። የዚህ ወንድሞች ድንጋይ ይዘው ቆመው ነበር እኮ፣» ቪሊአሙን በአገጫቸው አሳዩኝ፣ «ምንጣፉ ካልተገለጠ ይወረውሩ ነበር። ልጁ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው አይንቀጠቀጥም፣ ልምድ አለው። ባሌ አነሳውና አቀፈው። ከዚያ ልጁ ሄዶ እጁን ለፖሊስ ሰጠ።»

ቪሊአሙ ተጋድሞ እንዳለ፣ «እኔ ሆስፒታል ነበርኩ፤ ብኖር አላቅፈውም ነበር» አለ።

«አንተ ደግሞ አፍህ ሳይድን ምላስህ ዳነ» አሉት እናቱ።

ተመልሼ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጥኩ። ስድስት ወሩን ያገኘው ፌሬቲ ከምንጣፉ ስር አልነበረም። የነበረው ምንም አላገኘም። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ልዩነት ዳኞች ጭንቅላት ውስጥ ስፈልግ ከረምኩ።

የሚገርመው ሌላ ነገር ነው። የሳፑ ሠንጠረዥ ያኔ ቢኖር ኖሮ ካሌፖን አያድነውም ነበር። ኢፎጋ፣ ስድስት ወር። ካሌፖ፣ የለም። ዜሮ። የቱአላ ነፃነትም አላዳነው። ሁለቱም መንገድ ከእኔ አንድ መስመር ይጀምራል።

ማርች 4

ለአለቃዬ ነገርኳት። በሩን ዘጋች። «ስህተት አትበይው። ተጨማሪ መረጃ ተገኘ በይ» አለች።

«ስህተት ነው እኮ።»

«እንደሆነ አውቃለሁ። ስህተት ካልሽ የጻፍሽው ሪፖርት ሁሉ ይከፈታል። የሁሉም ጠበቃ ይመጣል። አስበሽዋል?»

አስቤዋለሁ። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ስንቱን በስልክ ጽፌያለሁ?

ማርች 6

የካሌፖ ጠበቃ ጋ ሄድኩ። የይግባኝ ማቅረቢያ ጊዜው አልፏል፤ በልዩ ፈቃድ አመለክታለሁ አለ። የእኔ ቃለ መሐላ ያስፈልጋል። «ተጨማሪ መረጃ» የሚለውን ጽፌ ሰረዝኩት። «ተሳስቼ ነበር» ብዬ ፈረምኩ።

ፊሊፖ ሲሰማ አልቀለደም። ሻይ አመጣልኝ። ያ አስፈራኝ።

ኤፕሪል 7

ሦስት የይግባኝ ዳኞች። ቃሌን ለማጣራት እኔም ቆምኩ።

ዐቃቤ ሕጓ ወጣት ናት፣ ትሑት። «ለመጀመሪያው ተከሳሽ መንደሩ ድረስ ሄደዋል። ለሁለተኛው አልሄዱም። ለምን?»

«የቢሮው መኪና ጋራዥ ነበር።»

መሃል የተቀመጡት ዳኛ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለመጀመሪያውስ በምን ሄደው ነበር?»

«በአውቶቡስ።»

ሦስቱም ዳኞች ጻፉ። ምረቃ ስለነበር፣ ማታዩ ስለጋበዙኝ፣ ደስ የሚል ቀን ስለነበር ሄድኩ። ለጎማ ነፊው ግን የጋበዘኝ የለም።

ኤፕሪል 11፣ ዓርብ

ሠላሳ አንድ ወር።

ለኢፎጋው ስድስት፣ ለሸንጎው ቅጣት ሦስት ሰጡት፤ የቀረው ላይ አንድ አሥረኛውን አስልተው አራት ቀነሱ። ዳኛ ቱአላ ለወጣትነቱ የሰጡትን አራት አልነኩትም። «ሌላው ዳኛ ስድስት ሰጥቷል፤ እኛ ብንሆን አምስት እንሰጥ ይሆናል። ይህ የዳኛ ፈንታ ነው እንጂ ስህተት አይደለም» ይላል ፍርዱ። ዘግይቶ ያመነበትንም አልነኩም፤ ጠበቃው ያባከነው ጊዜ በልጁ ላይ ቀረ። ከፌሬቲ ጋር ያላቸው ልዩነት ከእንግዲህ ምክንያቱ የሚነገር ነው፣ ምክንያቱ የሚነገር ልዩነት ደግሞ በደል አይባልም ብለዋል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሕግ ትክክል ነው። ቢሆንም ልዩነቱ ዘጠኝ ወር ነው።

የመመሪያው ኮሚቴ ከሰዓት ተሰብስቦ ነበር። ለኢፎጋ የተቆረጠ ቁጥር አይኖርም፤ ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ሆኖ ዳኛው ምክንያቱን ይጽፋል። ሳፑ ስድስቱን ለቀቁ፣ ቱአላ ምክንያት መጻፉን ተቀበሉ። ከዚያ ቱአላ፣ «እኔ ነፃ ነበርኩ፣ በእጄ ግን ምንም አልነበረም። ሪፖርቱ ላይ ምን ተብሎ ይጠየቅ?» አሉና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ማን ተንበረከከ፣ ለማን፣ የተቀበለውስ ማን ነው? ጸሐፊው ሁለቱም ቤት በአካል ሄዷል ወይ?» ብዬ አስጻፍኩ።

የድሮ ሪፖርቶቼ ሰኞ መከፈት ይጀምራሉ። እኔው ራሴ ነኝ የምከፍታቸው፤ ፊሊፖ ከጎኔ ሆኖ።

ኤፕሪል 16

እስር ቤት ሄድኩ። ፍርዱን ጠበቃው ይነግረዋል፣ እኔ ግን ልነግረው ፈለግሁ። ደግሞም አንድ ነገር ሲበላኝ ከርሟል።

ካሌፖ መሬት ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ፣ እኔም ተቀመጥኩ። ሠላሳ አንድ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱ አፈረልኝ፤ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«ቤተሰብህ ኢፎጋ አድርጓል ወይ ስልህ ለምን ዝም አልከኝ? ስለ ቤተሰብ የሚናገረው ማታይ ስለሆነ ነው?»

«እሱም አለ እትዬ።»

«ሌላስ?»

«ፌሬቲ ያኔ ተፈርዶበታል። ኢፎጋው ተቆጥሮለታል። ምንጣፉ አንድ ነው። እኔም ነበርኩ ካልኩ ለሁለት ይካፈላል፣ የእሱ ይጎድላል ብዬ ነው።»

ስንት ወር ስለ ቅነሳ ሳጠና ከርሜ እንዲህ ተብሎ ሊታሰብ እንደሚችል አንድ ቀን አልታሰበኝም።

«እትዬ፣» አለ ቀና ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያየ፣ «አሁን ለኔ የቀነሱት ዘጠኝ ወር ፌሬቲ ላይ ይጨመራል?»

«አይጨመርም። አንድ ቀንም አይጨመርበትም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እሺ» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ፈገግ ያለው።